በቀን 20 ዴስክ ላይ የቆመው ወርክሾፕ

ትእዛዙ የመጣው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። 1,200 ኮምባይንድ ዴስክ፣ በ40 የሥራ ቀን። ተማሪ መስከረም ላይ ሲገባ መቀመጫ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቀኑ እንደልብ የሚገፋ አይደለም። እኔ ኮምቦልቻ በሚገኘው ወርክሾፓችን የምርት ክትትሉን ከያዝኩ ገና አምስት ወሬ ነበር። ባለቤቱ ውሉን ፈርሞ መጣና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "በቀን 30 ማውጣት ነው፣ ሌላ ምን አለው?" አለኝ።

ልክ ነው፣ 1,200 ለ40 ሲካፈል 30 ነው። ችግሩ ግን ወርክሾፑ የቱንም ያህል ብንሯሯጥ በቀን ከ20 በላይ አያወጣም ነበር። ሰው አይሰንፍም። ግራይንደሩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ብየዳው ያበራል፣ ሁሉም ላብ በላብ ነው። ማታ ስንቆጥር 18፣ 19፣ ሲበዛ 20። ታክት ታይምንና የሥራ ሚዛንን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ወርክሾፕ ውስጥ ግን የገባኝ በዚያ ክረምት ነው። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ የተሳሳትኩበትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚመስል። ዴስኩን የሚሠሩት ስድስት ሰዎች ናቸው፣ በተርታ። አንደኛው ቱቦላሬውን ይቆርጣል፣ ቡሎን የሚገባበትን ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። ሁለተኛው ቁርጥራጮቹን ፎርማ ላይ ገጥሞ በነጥብ ነጥብ ብየዳ ያያይዛል። ሦስተኛው ሙሉ ብየዳውን ይሠራል። አራተኛው በግራይንደር ያለሰልሳል። አምስተኛው አንቲረስትና ቀለም ይቀባል። ስድስተኛው ጠረጴዛውንና መቀመጫውን በቡሎን ያስራል፣ አይቶም ያስረክባል። ከእነሱ ሌላ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ልጅ አለ። ዋናው በያጅ በዕድሜም በልምድም ከሁላችን ይበልጣሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው።

ባለቤቱ መጀመሪያ ያደረገው ለቆራጩ ረዳት መቅጠር ነው። "ከመነሻው ካልፈጠነ ከየት ይመጣል?" ነው ነገሩ። እኔም አልተቃወምኩም። በጥቂት ቀን ውስጥ ብየዳው ፊት ከ70 በላይ ፍሬም ተከመረ። መተላለፊያ ጠፋ። ልጁ ዕቃ ይዞ ሲያልፍ በጎን እየተሽሎከለከ ነው። ማታ ስንቆጥር ግን ያው 18 ነው። ከክምሩ ወዲያ ደግሞ ግራይንደር የያዘው ልጅ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ያኔ ተናድጄበት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ልጁ የሚያለሰልሰው ፍሬም ስላልደረሰው ነው የተቀመጠው። ማነቆ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም፦ ከፊቱ ክምር፣ ከኋላው የተራበ ሰው።

በዚህ ጊዜ ነው ረጋ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት።

ታክት የጀርመንኛ ቃል ነው፣ የሙዚቃ ምት ማለት ነው። ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። መንዙማ ላይ ድቤው ምቱን ይሰጣል፣ ጭብጨባው እሱን ይከተላል። የሚፈጥን ሰው ጨዋታውን ያበላሻል፣ የሚዘገይም ያበላሻል። በምርት ላይ ድቤውን የሚመታው ደንበኛው ነው። ያለን የሥራ ጊዜ ደንበኛው ለሚፈልገው ብዛት ሲካፈል፣ አንድ ዴስክ በስንት ደቂቃ ልዩነት መውጣት እንዳለበት ይነግረናል። አንድ ዴስክ ለመሥራት ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ አምታትቼ አውቃለሁ።

የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 11፡00 ነው፣ በመሃል አንድ ሰዓት ምሳ አለ። 8 ሰዓት ወይም 480 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ሻይ አለ፣ ጠዋት ለዝግጅት 15፣ ማታ ለጽዳት 15 ደቂቃ ይሄዳል። የሚቀረው 420 ደቂቃ ነው። 420 ለ30 ሲካፈል 14። በየ14 ደቂቃው አንድ ዴስክ መውጣት አለበት አልኩ፣ ሰሌዳ ላይም በትልቁ ጻፍኩት።

ጋሼ አነበቡትና ሳቁ። "ልጄ፣ ጁምዓን የት ጣልሽው?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አርብ አርብ ግማሹ ሰው መስጊድ ይሄዳል፣ ስድስቱ ደግሞ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ሦስቱ ሲሄዱ ሌላው ብዙም አይራመድም፣ አንድ ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። በ40 የሥራ ቀን ውስጥ 7 አርብ አለ። 7 ጊዜ 60፣ 420 ደቂቃ፣ ልክ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን። ስለዚህ በእጃችን ያለው 40 ቀን ሳይሆን 39 ነው። 39 ጊዜ 420፣ 16,380 ደቂቃ። ለ1,200 ሲካፈል 13.65 ይመጣል። ሰሌዳው ላይ 14ን አጥፍቼ እሱን ጻፍኩ። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች። ግን በ14 ብንሄድ መጨረሻ ላይ 30 ዴስክ ይጎድለን ነበር።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ በሰዓት መለካት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስቶፕዋች ይዛችሁ ሠራተኛ አጠገብ ስትቆሙ መጀመሪያ የሚመጣለት ደሞዙ ነው። አንዱ ከወትሮው ይፈጥናል፣ ሌላው ሆን ብሎ ይጎትታል። እኔ መጀመሪያ ከሩቅ ቆሜ በስልኬ መለካት ጀመርኩ። ያ ደግሞ የባሰ ሆነ፣ ሰላይ መሰልኩ። በማግስቱ ቡና ላይ ሁሉንም ሰብስቤ የምለካው ሥራውን እንጂ ሰውን እንዳልሆነ ተናገርኩ። የሚጻፈውንም ሁሉም እንዲያየው ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ነገሩ ረገበ።

አለካኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ፍሬሙን ካነሳበት ቅጽበት ቀጣዩን እስኪያነሳ ድረስ ይለካል። ሁሌም ከዚያው ነጥብ እስከዚያው ነጥብ። አሥር ጊዜ ደጋግሜ አማካዩን ወሰድኩ። መብራት የጠፋበትንና ስልክ ያነጋገረበትን ዙር ለብቻው ጻፍኩት እንጂ አማካዩ ውስጥ አላስገባሁትም። የወጣው ይህ ነው፦ መቁረጥና መብሳት 11 ደቂቃ፣ ፎርማ ላይ ማያያዝ 9፣ ሙሉ ብየዳ 21፣ ማለስለስ 12፣ ቀለም 10፣ መግጠም 13። ድምሩ 76 ደቂቃ።

ይህን ድምር ለ13.65 ስናካፍለው 5.57 ይመጣል። ሥራው በስድስት ሰው የሚሠራ ነው ማለት ነው፣ እኛም ስድስት ነን። ሰው አልጎደለንም። የጎደለው ክፍፍሉ ነው። ብየዳው 21 ደቂቃ ከወሰደ፣ 420 ለ21 ሲካፈል 20 ነው። ያቺ ማታ ማታ የምንቆጥራት 20። ከዚህ በኋላ ለቆራጩ ረዳት ቀርቶ አሥር ሰው ቢጨመርለት ከ20 እንደማናልፍ ለባለቤቱ በቁጥር አሳየሁት። ረዳቱን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው።

ባለቤቱ ወዲያው "እንግዲያው ሁለተኛ በያጅ እናስገባ" አለ። የብየዳ ማሽን ተከራየን። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ ብሬከሩ ይወርዳል፣ የመስመራችን አቅም አልቻላቸውም። መስመር ለማሳደግ ማመልከቻ፣ ወረፋ፣ ክፍያ አለ። 40 ቀን የማይጠብቀው ነገር ነው። ማሽኑን በሦስተኛው ቀን መለስነው። አሁን ሳስበው እንኳንም ብሬከሩ ወረደ እላለሁ። ባይወርድ ኖሮ ያንን 21 ደቂቃ ከፍቼ አላየውም ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሼ አጠገብ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። የሚሠሩትን እያንዳንዱን ነገር በሰከንድ ጻፍኩ። እሳቱ የሚበራበት፣ ማለትም እውነተኛው ብየዳ፣ ኤሌክትሮድ መቀየርን ጨምሮ 10 ደቂቃ ነው። የቀረው 11 ደቂቃ ሌላ ሥራ ነው። የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ ማራገፍ 4 ደቂቃ። ፍሬሙን መሬት ላይ ማገላበጥ 3። ኤሌክትሮድ ከስቶር ማምጣትና መጠየቅ በአማካይ 2። ሳይገጥም የመጣውን ቁራጭ እየደበደቡ ማስተካከል 2። ከሁላችን የተሻለ እጅ ያላቸው፣ ሁሉም ሰው የሚጠብቃቸው ሰው፣ የቀኑን ከግማሽ በላይ የሚያሳልፉት ማንም ሊሠራው በሚችለው ነገር ነው።

ቁጥሩን ሳሳያቸው ትንሽ ዝም አሉ። "ታዲያ እኔ መቼ አገላብጣለሁ ብዬ ተዋዋልኩ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መላ አብዛኛውን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ማገላበጡን ለማቅለል ሁለት የሚሽከረከሩ ማቆሚያዎች ሠራን። ከአሮጌ ቧንቧና ከተጣለ ኩሽኔታ ነው የሠራናቸው፣ ወጪያቸው ከቁብ አይቆጠርም። ፍሬሙ ማቆሚያው ላይ ይታሰራል፣ በአንድ እጅ ገፋ ሲደረግ ይዞራል። 3 ደቂቃው 1 ሆነ። ኤሌክትሮዱን ዕቃ የሚያመላልሰው ልጅ ጠዋትና ከምሳ በኋላ በቆርቆሮ ሣጥን አጠገባቸው ያስቀምጣል። ክረምት ስለሆነ ሣጥኑ መክደኛ አለው፣ እርጥበት የገባው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ያበላሻል። ሳይገጥም የሚመጣው ቁራጭ ምንጩ መቁረጫው ነበር። ቆራጩ በሜትርና በጠመኔ ምልክት እያደረገ ነው የሚቆርጠው፣ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር መሳት አይቀርም። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ርዝመት የብረት ማቆሚያ በየድን። ቱቦላሬው እዚያ ድረስ ተገፍቶ ይቆረጣል፣ ሜትር አያስፈልግም። ፎርማውን ደግሞ በየጠዋቱ በስኳድራ ማየት ጀመርን። ማስተካከሉ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ቅርፊቱን ማራገፍ ለማን ይሰጥ የሚለው ነው ያከራከረን። የሁሉም ሰው ሐሳብ ለግራይንደሩ ልጅ ይሰጥ ነበር፣ ቀጥሎ ያለው እሱ ነውና። ግን እሱ 12 ደቂቃ አለው። 4 ሲጨመር 16 ይሆናል፣ ከ13.65 ያልፋል። ማነቆውን አንድ ሜትር ወደ ፊት ማንቀሳቀስ ብቻ ይሆን ነበር። 9 ደቂቃ ብቻ ያለው ፎርማ ላይ የሚያያይዘው ነው። ሆኖም የእሱ ቦታ ከብየዳው በፊት ነው፣ ቅርፊቱ ደግሞ ከብየዳው በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቦታውን ቀየርነው። ተርታውን አጠፍነውና የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አስያዝነው። የሚያያይዘው ልጅና ጋሼ ጎን ለጎን ሆኑ፣ ሁለቱ ማቆሚያዎች በመሃላቸው። ጋሼ አንዱ ማቆሚያ ላይ ሲበይዱ እሱ ሌላኛው ላይ ያለቀውን ያራግፋል፣ አውርዶ አዲስ የተያያዘ ፍሬም ያስራል። ጋሼ ዞር ሲሉ ዝግጁ ፍሬም ይጠብቃቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ይህ የሚሆነው የእኛ መገጣጠሚያዎች በአንድ ዙር የሚበየዱ ስለሆኑ ነው። በላዩ ላይ ሁለተኛ ዙር የሚደረብበት ብየዳ ከሆነ ቅርፊቱ በመሃል ካልተራገፈ ውስጥ ይቀበራል፣ መገጣጠሚያው ይደክማል። ኤሌክትሮድ አልቆ መስመሩ ከመሃል ሲቀጠል ደግሞ ያቺን ነጥብ በያጁ ራሳቸው አራግፈው ነው የሚቀጥሉት። ያንንና የራሳቸውን ሥራ የሚያዩበትን 1 ደቂቃ ሰጠናቸው። ብየዳው 10፣ ማዞር 1፣ ማየት 1፣ በጠቅላላው 12 ደቂቃ ሆነ። ማያያዙ ከ9 ወደ 13 አደገ። ሌላው እንዳለ ነው። ድምሩ 71፣ ትልቁ 13።

ሚዛኑን ለማየት የምጠቀምበት ስሌት ይህ ነው። ድምሩን ለሰው ብዛትና ለትልቁ ጊዜ ብዜት አካፍላለሁ። ቀድሞ 76 ለ126 ነበር፣ 60 በመቶ። አሁን 71 ለ78 ሆነ፣ 91 በመቶ። ከመቶው 40 እጅ የሚሆነው የሰው ጊዜ በመጠበቅ ነበር የሚያልፈው ማለት ነው። ልፋት ስለሚመስል ግን አይታይም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የቆራጩ ነገር ነው። የሚከፈለው በቁራጭ ነበር። ብዙ በቆረጠ ቁጥር ብዙ ያገኛል። እኔ ደግሞ መሬቱ ላይ በቀለም ካሬ አስምሬ፣ እዚህ ውስጥ ሦስት ፍሬም የሚሆን ቁራጭ ካለ አትቁረጥ አልኩት። "እኔ ቁጭ ብዬ ልጆቼን ምን ላብላ?" አለኝ። ልክ ነው፣ እኔ አልነበርኩም ልክ። ከባለቤቱ ጋር ሁለት ቀን ተከራክረን ክፍያው ለስድስቱም በቀን ሒሳብ ሆነ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አልቆ በወጣ ዴስክ ልክ የሚካፈሉት ተጨማሪ። ከዚያ በኋላ ቆራጩ ካሬው ሲሞላ ራሱ ሄዶ ቡሎንና ዳዶ ይቆጥራል፣ ሮንዴላ ያስገባል፣ ለመግጠሚያው ያዘጋጃል። ባለቤቱ ግን ሰው ቆሞ ሲያይ ደሙ የሚፈላ ሰው ነው። አሁንም አልለቀቀውም።

ክፍያ ሳይነካ ክምር ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስንጨርስ ስምንተኛው የሥራ ቀን ላይ ነን። ያወጣነው 128 ብቻ ነው። በ13 ደቂቃ ከሄድን በቀን 32 እናወጣለን ብዬ ለባለቤቱ ተናግሬያለሁ። በዘጠነኛው ቀን 24 ወጣ። ጅማሬ ስለሆነ ነው አልን። በአሥረኛው 24። በአሥራ አንደኛው 24። ቁጥሩ እንደዚያ ሲደጋገም ደስ አይልም። ሰው ሲደክም ወይም ሲለምድ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ የሚቆም ከሆነ የያዘው ግድግዳ አለ።

ስቶፕዋቼን ይዤ እንደገና ዞርኩ። ብየዳ 12፣ ማለስለስ 12፣ ሁሉም ልክ ነው። ቀለም ቀቢው ግን በየመሃሉ ይቆማል። "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። እጁን ወደ ማድረቂያው ዘረጋ። "የት ላንጠልጥለው?"

ማድረቂያችን 48 ፍሬም ነው የሚይዘው። አንድ ፍሬም አንቲረስት ተቀብቶ ያድራል፣ በማግስቱ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ያድራል። ሁለት ቀን መስቀያ ላይ ነው። 48 ለሁለት ቀን፣ በቀን 24። ቀለም የመቀባቱ ሥራ 10 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ስለካው ነፃ ሰው ነበር የመሰለኝ። ማነቆው ሰውም ማሽንም አልነበረም፣ ባዶ ቦታ ነው። በቀን 20 ስናወጣ ደግሞ የሚያስፈልገን 40 መስቀያ ስለነበር ችግሩ አንድም ቀን ራሱን አላሳየም። የጋሼ ብየዳ ሲፈጥን ነው የተገለጠው።

ስቶፕዋች ሰው የሚሠራውን ነው የሚለካው። ፍሬም ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን አይለካም። መድረቅ፣ መቀዝቀዝ፣ ማጣበቂያ መያዝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ሥራ ሁሉ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል፦ በቀን የሚወጣው ብዛት አንዱ ፍሬም በሚቆይበት የቀን ብዛት ሲባዛ፣ የሚያስፈልገው ቦታ ይመጣል። ለእኛ 31 ጊዜ 2፣ 62 መስቀያ። ይህን ከመጀመሪያው ብሠራው ስድስት ቀን አላባክንም ነበር።

መፍትሔውን ከማግኘታችን በፊት ግን ሌላ ጥፋት አጠፋን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማድረቂያው እንዲለቅ ብለን 11 ፍሬም ሳይደርቅ አወረድን። ሐምሌ ነው፣ ጠዋት ዘንቧል፣ አየሩ እርጥብ ነው። ሲነካ የደረቀ ይመስላል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሮንዴላው ሥር ያለው ቀለም ተጨማዶ ተላጠ። አሥራ አንዱም ተፈታ፣ ተፋቀ፣ እንደገና ተቀባ። ቀቢው ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጭኖ ያያል። ምልክት ከቀረ ፍሬሙ አይወርድም፣ ማንም ቢለምነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች እንጂ ደሴ ላይ በዚያ ጉምና ብርድ ሁለት ቀንም የሚበቃ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህ የእኔ "2 ቀን" የእናንተ አይደለም። በራሳችሁ ቀለም፣ በራሳችሁ ወቅት ለኩት።

እሑድ ሁለት ሰው ገብቶ ከቁርጥራጭ ቱቦላሬ ሁለተኛ ደርብ ሠራ። መስቀያው 72 ሆነ። በማድረቂያውና በግራይንደሩ መካከልም ሸራ ጋረድን፣ የብረት ብናኙ እርጥብ ቀለም ላይ እየተጣበቀ ነበርና።

አሥራ አራተኛው ቀን ሲያልቅ 272 ዴስክ ወጥቷል። የቀረው 928። እዚህ ላይ ታክቱን እንደ አዲስ አሰላሁት፣ ምክንያቱም ሰሌዳው ላይ ያለው 13.65 ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብንሄድበት የሚሠራ ቁጥር ነው። ወደ ኋላ ከቀራችሁ ድቤው ይፈጥናል። 26 ቀን ቀርቷል፣ 4 አርብ ሲቀነስ 10,680 ደቂቃ። ለ928 ሲካፈል 11.5። 71 ለ11.5 ሲካፈል ደግሞ ከ6 ያልፋል። በስድስት ሰው፣ በመደበኛ ሰዓት፣ ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

ባለቤቱ "ትንሽ ይፍጠኑ" አለ። ትንሽ መፍጠን የሚባል ነገር እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ሰባተኛ ሰው አስገብቶ ሚዛኑን እንደገና ማፍረስ፣ ወይ በየማታው ትርፍ ሰዓት መሥራት፣ ወይ ለደንበኛው መናገር ነበር አማራጩ። ሰባተኛው ሰው ቢመጣ ብየዳው አሁንም 12 ደቂቃ ነው፣ 11.5 አይገባም። ስለዚህ ደውለን 5 ቀን ጨምሩልን አልን። 31 ቀን ሲሆን 12,720 ደቂቃ፣ ለ928 ሲካፈል 13.7። ማለትም ወደምንችለው ምት ተመለስን። ደንበኛው አጉረመረመ። ግን ያለቀውን በየሳምንቱ እየጫንን እንደምናደርስ ስንነግረው ተስማማ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብንደውል ኖሮ ንግግሩ ሌላ ይሆን ነበር።

መብራትን በተመለከተ፣ የሚጠፋውን ሰዓት ታክቱ ውስጥ አስቀድማችሁ አትቀንሱት። ከቀነሳችሁት ችግሩ እዚያ ውስጥ ይደበቃል፣ ማንም አያየውም። እኛ በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደጠፋ ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፣ ያንን ቅዳሜ ማታ ቆይተን እንከፍላለን። መብራት ሲጠፋ መግጠሚያው በእጅ ቁልፍ ይሠራል። የተበየደውን ማራገፍ፣ ቡሎን ማዘጋጀት ይቻላል። ብየዳው ግን ይቆማል። ለዚህ ነው ጋሼ ፊት ሁሌም ሦስት የተያያዘ ፍሬም የሚቀመጠው። መብራት ሲመጣ እሳቸው አንዲት ደቂቃ መጠበቅ የለባቸውም። ሻይም ቢሆን የሚያያይዘው ልጅ ቀድሞ ይጠጣና እሳቸው ሲወጡ እሱ ይበይዳል። እጁ እንደሳቸው ባይሆንም በነሐሴ ወር ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት ጀምሮ ነበር።

የመጨረሻው መኪና በ45ኛው የሥራ ቀን ወጣ። ከአሥራ አራተኛው ቀን በኋላ በአማካይ በቀን 30 ነበር ያወጣነው፣ በስሌቴ እንዳልኩት 32 አልሆነም። አርቡ አለ፣ መብራቱ አለ፣ አንድ ቀን ደግሞ የትራፓኖው ሞተር ተቃጥሏል።

አሁን የክሊኒክ አልጋ ፍሬም ትእዛዝ ይዘናል። ብየዳው ይበዛል፣ ማለስለሱ ያንሳል፣ ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ ከዴስኩ ጋር አንድ አይሆንም። ጋሼ ማቆሚያዎቹ መርዘም አለባቸው ብለው ቧንቧ እየቆረጡ ነው። የአልጋው ፍሬም መስቀያ ላይ የሁለት ዴስክ ቦታ ይይዛል። በዚህኛው ስሌቱን የጀመርኩት ከማድረቂያው ነው።